ቀፎ ከመስቀልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

መብራት ባልገባበት፣ ኔትወርክም ኮረብታ ላይ ካልወጡ በማይገኝበት ቀበሌ የሚኖር ወጣት ሥራ ልጀምር ሲል የሚቀርቡለት ሐሳቦች ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ወፍጮ ናፍጣ ይፈልጋል። የአንድ ቀን ጫጩት ማሳደግ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይፈልጋል። ወተት ማቀዝቀዣ ካላገኘ ገበያ ሳይደርስ ይረጋል። ማር ግን በደንብ ከበሰለና በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ከተቀመጠ ዋጋው እስኪሻሻል ወራት ይጠብቃል፤ ሥራውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጅና በጭስ የሚሠራ ነው። መሬት ለሌለው ወጣት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ንቦች የማን ማሳ እንደሆነ ሳይጠይቁ ይቀስማሉ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ወዲያው ቀፎ የሚገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓመቱ ባዶ ቀፎ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለራስዎ ይመልሱ። ጽሑፉ የተዘጋጀው በደጋና ወይና ደጋ ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ የቆላው ዝናብና አበባ የራሱ ወቅት ስላለው እዚያ ያለ አንባቢ ወራቱን በአካባቢው ልክ ያስተካክል።

አካባቢዎ በየትኛው ወር ምን ያብባል?

ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፤ ለእኔ ከቀፎው ዓይነትም ከብሩም ይበልጣል። ንቦች ምግብ ፍለጋ ከቀፏቸው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፤ ስለዚህ የእርስዎ «እርሻ» ይህ ክበብ ነው። በክበቡ ውስጥ ያለውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት በእግርዎ እየዞሩ በደብተር ይመዝግቡት፤ ወር፣ የአበባው ስም፣ ብዛቱ፣ ንብ ያርፍበት እንደሆነ።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ማንም አይሳሳትም። አደይ አበባው፣ መጩ፣ ማገጡ፣ ባቄላውና ኑጉ ተከታትለው ያብባሉ፤ ዋናው ማር የሚቆረጠውም ከዚያ በኋላ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። የበልግ ዝናብ በሚጥልባቸው ቦታዎች ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁለተኛ ምርት ይገኛል። ቢሳናና ገተም ካሉ ይህን ሁለተኛ ምርት በጣም ያግዙታል።

የሚያስቸግሩት ባዶዎቹ ወራት ናቸው። ከጥር እስከ መጋቢት ደረቁ ያጠቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አበባ ቢኖር እንኳ ዝናቡ ንቦቹን ከቀፎ አያስወጣቸውም። የእኛ አገር ንብ ሲርበው ቁጭ ብሎ አይሞትም፤ አውራውን ይዞ ይኮበልላል። ሰው ብዙ ጊዜ «ንቤን ዓይን በላብኝ» የሚለው እንዲህ ያለው ኩብለላ ሲደርስበት ነው። በጥር ወር የሚያብብ ግራዋ በአጥር ላይ ያለበት መንደር ከሌለበት መንደር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ግራዋ ከቁራጭ ይበቅላል፤ ስለዚህ ደብተርዎ ላይ ጥርና የካቲት ባዶ ከሆኑ የመጀመሪያው ወጪዎ ቀፎ ሳይሆን ክረምት ላይ በየአጥሩ የሚተከል የግራዋ ቁራጭ ይሁን።

ባዶዎቹ ወራት ከሁለት በላይ ከሆኑና በአቅራቢያው ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ውኃ ከሌለ፣ ምክሬ ይህን ሥራ ለጊዜው እንዲተዉት ነው። ባዶዎቹ ወራት አጭር ከሆኑ ግን መመገብ ይቻላል፤ በስኳር ውኃ፣ በበሶ ወይም በሽሮ። ምግቡ የሚሰጠው ንቡ ከተዳከመ በኋላ ሳይሆን ቀፎው ሲነሣ ቀለል ማለት በጀመረበት ሳምንት ነው። ሲመሽ፣ በዝርግ ዕቃ፣ ንቦቹ እንዳይሰምጡበት ጭራሮ ጣል ተደርጎበት ይቀርባል። ቀን ላይ ከቀፎው ውጭ የተቀመጠ ስኳር የሌላ ቀፎ ንቦችን ይጠራል፤ ዝርፊያው ከተጀመረ ደካማው ቀፎ በአንድ ቀን ያልቃል።

የትኛውን ቀፎ?

ብዙ ወጣት ሲያስብ የሚታየው በፍሬም የሚሠራው ዘመናዊ ቀፎ ነው። ጥሩ በተያዘበት ቦታ ከሁሉም የበለጠ ማር ይሰጣል። ነገር ግን ፍሬሙ የታተመ ሰም፣ ሰሙም ማተሚያ ይፈልጋል፤ እንጀራውን ሳይሰብሩ ማሩን ለማውጣት ደግሞ በእጅ የሚዞር ማጣሪያ ማሽን ያስፈልጋል። እነዚህ ዕቃዎች በወረዳ ወይም በማኅበር ደረጃ ካልተገኙ ቀፎው ውድ ሣጥን ነው። በየቀበሌው የእህል ማስቀመጫ የሆነ ዘመናዊ ቀፎ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ባህላዊው ቀፎ ርካሽ ነው፤ ግን ከአንዱ አምስት እስከ ስምንት ኪሎ ማር ቢገኝ ነው፤ ውስጡንም ሳያፈርሱ ማየት አይቻልም። ንቡ ታሞ ይሁን ተርቦ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ይሆናል።

ለጀማሪ የምመርጠው የሽግግር ቀፎን ነው፤ ያውም ከጨፈቃ የሚሠራውን። ከባሕር ዛፍ ጨፈቃ ወይም ከሸንበቆ ይጎነጎንና በእበት፣ በጭቃና በአመድ ይመረጋል። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከላይ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፍቶ ወደ ታች እስከ 20 ይጠባል። መጥበቡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግድግዳው ሲያዘነብል ንቦች እንጀራውን ከግድግዳው ጋር ብዙም አያጣብቁትም፤ ስለዚህ አንዱን እንጀራ ሌላውን ሳይነኩ አውጥተው ማየት ይችላሉ።

በዚህ ቀፎ ላይ አናጺ የሚያስፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከላይ ለሚደረደሩት አግዳሚ እንጨቶች። የእያንዳንዱ አግዳሚ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ 30 አግዳሚ ሲደረደር 96 ሳንቲ ሜትር ይሞላል። ይህ ልክ የአገራችን ንብ ከአንዱ እንጀራ መሐል እስከ ሌላው እንጀራ መሐል የሚተወው ርቀት ነው። አግዳሚው ሰፍቶ ከተሠራ ንቡ በመሐል ሌላ እንጀራ ያስገባል፤ ጠቦ ከተሠራ ሁለቱን ያያይዛል። በሁለቱም መንገድ ቀፎው ሲከፈት ማሩ ይቀደዳል፤ እጩ ይፈሳል፤ ንቡም ይቆጣል። ግድግዳው ቢጣመም ግድ የለም፤ አግዳሚውን ግን ከመረከብዎ በፊት አንድ በአንድ ይለኩ። ከዚያም በየአግዳሚው ሆድ ላይ በመሐል መስመር የቀለጠ ሰም ይቀቡበት፤ ንቦቹ በቀጥታ እንዲሠሩ መንገድ ያሳያቸዋል።

ንቡ ከየት ይመጣል?

ንብ ይገዛል፤ በብዙ ቦታ የመነሻ ካፒታሉን ግማሽ የሚበላውም ይኸው ግዥ ነው። ጊዜ ያለው ሰው ግን ያጠምዳል። ጠንካራ ቀፎዎች ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይከፈላሉ፤ አሮጌዋ አውራ ከፊሉን ንብ ይዛ አዲስ ቤት ፍለጋ ትወጣለች። ባዶ ቀፎዎን ነሐሴ ሳያልቅ በወይራ ጭስ አጥነው፣ ውስጡን ሰም ቀብተው ንብ በሚያልፍበት ዛፍ ላይ ይስቀሉት። አሮጌ እንጀራ ቁራጭ ከተገኘ ከምንም በላይ ይስባል፤ ግን የሰም እራት ትል ወይም ድሩ ካለበት አይጠቀሙበት።

በባህላዊ ቀፎ የገባ ንብ ወደ ሽግግር ቀፎ የሚዛወረው አበባ በሞላበት ጊዜ፣ ሲመሽ ነው። በደረቅ ወር ያዛወረ ሰው ጠዋት ሲመጣ ባዶ ቀፎ ያገኛል።

ጎረቤቶችዎ ምን ይረጫሉ? ከብታቸውስ የት ይውላል?

የጤፍና የስንዴ አርሶ አደር ፀረ አረም በሚረጭበት አካባቢ ሁለት ጉዳት አለ። ርጭቱ ለንቦቹ መኖ የሆኑትን የማሳ አበቦች ያጠፋል፤ ፀረ ተባይ ሲሆን ደግሞ በቀጥታ ይገድላል። የተመረዘ ንብ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በቀፎው በር ሥር የሞቱ ንቦች በክምር ይገኛሉ፤ በሕይወት ያሉትም መብረር አቅቷቸው መሬት ላይ ይሽከረከራሉ። ስለዚህ ቀፎ ከመስቀልዎ በፊት በክበቡ ውስጥ ያሉትን ባለማሳዎች ያነጋግሩ። የሚጠይቋቸው ነገር ትንሽ ነው፤ አበባ ባለበት ማሳ ላይ ከመርጨታቸው በፊት በዋዜማው እንዲነግሩዎት፣ ርጭቱንም ንብ ከገባ በኋላ ወደ ማታ እንዲያደርጉት። በዚያ ምሽት የቀፎውን በር በሽቦ ወንፊት ዘግተው፣ በጥላ ሥር አድርገው፣ ውኃ ከሰጡ አንድ ቀን ያልፋል። ባለማሳው ፈቃደኛ ካልሆነ ቦታ ይቀይሩ።

ቦታው ከመንገድ፣ ከትምህርት ቤትና ከውኃ መውረጃ ይራቅ። በተለይ የታሰረ ከብት በአጠገቡ እንዳይውል። ንብ ሲቆጣ ሰው ይሮጣል፤ የታሰረ አህያ ወይም በቅሎ ግን የሚሸሽበት የለውም፤ በዚህ የተነሣ የተጣሉ ቤተሰቦች በገጠር ብዙ ናቸው። ብዙ ወጣቶች ተደራጅተው ከሰውና ከከብት ንክኪ በተከለሉ ተራሮች ላይ ንብ የሚያነቡት አንድም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ የወል ቦታ ካገኙ ፈቃዱ በቃል አይቅር፤ ቀበሌው በጽሑፍ፣ ከነዓመታቱ ይስጥዎ። ቀፎዎቹ ማር መስጠት ከጀመሩ በኋላ «ቦታው የእኛም ነው» የሚል መምጣቱ የተለመደ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ሰውነትዎንም ይወቁ። የተነደፈበት ቦታ ማበጡ ያለ ነው። ከአንድ ንድፊያ በኋላ ግን መላ ሰውነት የሚያሳክክ፣ ፊትና ከንፈር የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ይህ ሥራም ለእርስዎ አይደለም።

ስለ ጉንዳን አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ብዙ ቀፎ የሚያልቀው በእሱ ነውና። ቀፎውን በመቆሚያ ላይ አድርገው፣ የመቆሚያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ያቁሙ፤ ዙሪያውን አርመው አመድ ይነስንሱ። ይህም ሆኖ አንድ የሣር ዘለላ አድጋ ቀፎውን ከነካች ጉንዳኑ በእሷ ላይ ይሻገራል፤ በክረምት በየሳምንቱ ማየት ግድ ይላል።

ሒሳቡ በስንት ዓመት ይመለሳል?

የብር ዋጋ ከቦታ ቦታ፣ ከወር ወር ስለሚለያይ ሒሳቡን በማር ኪሎ ብንሠራው ይሻላል። በአካባቢዎ አንድ ኪሎ ማር የሚሸጥበትን ዋጋ ይያዙና ወጪዎን ሁሉ ለእሱ ያካፍሉ። የሚከተለው ለምሳሌ የተወሰደ ግምት ነው፤ የእርስዎን ቁጥር በእሱ ቦታ ያስገቡ።

አንድ ወጣት በሁለት የጨፈቃ ቀፎ ይጀምራል እንበል። ጨፈቃውም ጭቃውም ከሰፈር ነው። ለሁለቱ ቀፎ አግዳሚ ለአናጺ የከፈለው 4 ኪሎ ማር ያወጣል። ማጨሻ፣ ዓይነ ርግብ፣ ጓንትና ቱታ 10 ኪሎ፤ ክዳን ያላቸው ባልዲዎች 2 ኪሎ፤ የመጀመሪያው ዓመት የመኖ ስኳር 4 ኪሎ። እስካሁን 20 ኪሎ ሆነ። ሁለቱንም ንብ ከገዛና እያንዳንዱ 8 ኪሎ ካወጣ 16 ይጨመራል፤ ድምሩ 36 ይሆናል።

በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ቀፎ ኮበለለ፤ ይህ ለጀማሪ የተለመደ ነው። ከቀረው አዲስ ቀፎ 6 ኪሎ አገኘ። በሁለተኛው ዓመት በባዶው ቀፎ መንጋ አጠመደ፤ ከነባሩ 14፣ ከአዲሱ 6፣ በድምሩ 20 ኪሎ ቆረጠ፤ ለመኖ 4 ኪሎ አወጣ። እንግዲህ በሁለት ዓመት ወደ እጁ የተመለሰው 22 ኪሎ ነው። በማጥመድ ጀምሮ ቢሆን 20 ኪሎ ወጪውን በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ መልሶ ነበር። በመግዛት ስለ ጀመረ ግን ገና 14 ኪሎ ይቀረዋል፤ ይህም የሚሸፈነው በሦስተኛው ዓመት ሁለቱም ቀፎ ሲበረታ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ብድሩ በዓመቱ ተመላሽ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይበደሩ፤ ንቡ ያንን ቀጠሮ አያውቅም። ሌላው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እያረሱት ያለውን የእኩል መሬት ወይም የቀን ሥራዎን አይልቀቁ። ሁለት ቀፎ የሚወስደው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው። በአሥር ቀፎ ልጀምር ለሚል ሰውም መልሴ በሁለት ይጀምሩ ነው፤ በአሥር የጀመረ ስሕተቱንም በአሥር ያባዛዋል።

ማሩን ማን ይገዛዎታል?

ገዢውን ከማር ቆረጣ በኋላ ሳይሆን አሁን ይፈልጉ፤ ለዚህም ኢንተርኔት አያስፈልግም። በገበያ ቀን ሦስት ቦታ ይጠይቁ፤ ጠጅ ቤት፣ ማር ነጋዴ፣ እና ለቤቱ የሚገዛ ሰው። በአገራችን ከሚመረተው ማር አብዛኛው የሚሄደው ወደ ጠጅ ነው። ጠጅ ጣይ ድፍድፉን ከነሰፈፉ በአንድ ጊዜ ያነሣልዎታል፤ ዋጋው ግን ዝቅ ይላል። ለቤት የሚገዛው የተጣራ ይፈልጋል፤ የተሻለ ይከፍላል፤ የሚወስደው ግን በኪሎና በሁለት ኪሎ ነው። ሁለቱን በመለየት መሸጥ ይቻላል፤ ጠቆር ያለውንና የተሰባበረውን ለጠጅ፣ ነጣ ያለውን ንጹሕ እንጀራ ለማጣሪያ።

ዋጋውን የሚወስነው ቀፎ በተከፈተበት ምሽት ያለው ጥንቃቄ ነው። በደረቅ ኩበት ጭስ ቀስ አድርገው አለዝበው፣ ከዳር በኩል አንድ አግዳሚ ያነሣሉ። እንጀራው ከላይ እስከ ታች በስስ ነጭ ሰም ከታሸገ ማሩ በስሏል። ክፍት የሆኑ ብዙ ጉድጓዶች ካሉበት እንጀራውን ከቀፎው በላይ በአግድም ይዘው ነቅነቅ ያድርጉት፤ ጠብታ ከወረደ ውኃው ገና አልተነነምና ወደ ቦታው ይመልሱት። ያልበሰለ ማር በባልዲ ውስጥ አረፋ ያወጣል፤ ይኮመጥጣል፤ ከበሰለው ጋር ከተቀላቀለም ሁሉንም ያበላሻል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በማር ውስጥ የሚፈቀደው ውኃ ከመቶ 20 ነው፤ መለኪያ መሣሪያ የሌለው አናቢ የሚመራው በዚህ ነጭ እሽግ ነው። ከመካከል ያሉት እጭ የያዙ እንጀራዎች አይነኩም፤ ለንቦቹ መክረሚያ የሚሆን ጥቂት የማር እንጀራም ይቀራል። ጭሱም አይብዛ፤ የበዛ ጭስ ማሩ ላይ ሽታው ይቀራል፤ ገዢም ቀምሶ ይመልሰዋል።

የተቆረጠው ማር ተጨፍልቆ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል፤ ለምግብ በተሠራ ባለ ክዳን ባልዲ ይቀመጣል። የዘይትና የናፍጣ ጀሪካን፣ የዛገ ቆርቆሮ አይሆንም።

ሰፈፉን አይጣሉ። ከዚህ ቀፎ ከሚገኝ አሥር ኪሎ ማር ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሰም ይወጣል። ሰፈፉን አጥበው በጆንያ ቋጥረው ውኃ በሞላ ድስት ያፍሉት፤ እየተጫኑት ሲፈላ ሰሙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲበርድም እንደ ዳቦ ደርቆ ከላይ ይገኛል። ሰም ያለ ውኃ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ፤ ይቀጣጠላል። ገዢው ሩቅ አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሠሩ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ይፈልጉታል። ሰም አይበላሽም፤ ስለዚህ በገና ሰሞን ወይም በዐቢይ ጾም፣ ጧፍ በሚበዛበት ጊዜ መሸጥ ይቻላል። ጥቂቱን ግን ለራስዎ ያስቀሩ፤ ለሚቀጥለው ነሐሴ የአግዳሚ መቀቢያ ይሆናል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ያገኙት መልስ አሁንም ካላሳመነዎት አንድ ርካሽ ሙከራ አለ። ሌላ ወጪ ሳያወጡ አንድ የጨፈቃ ቀፎ ሠርተው፣ አጥነው ነሐሴ ላይ ይስቀሉ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ንብ ካልገባበት አናቢ ጎረቤትዎን «የአንተስ ዘንድሮ ተከፈለ?» ብለው ይጠይቁ። የእሱም ካልተከፈለ ዓመቱ ደካማ ነበርና በሚቀጥለው ይድገሙት። የእሱ ተከፍሎ ወደ እርስዎ ካልመጣ ቀፎውን ወደ ውኃው ጠጋ አድርገው፣ ከነፋስ ሸሸግ ባለ ዛፍ ላይ ያዛውሩት። ከገባ ደግሞ እስከ መጋቢት ሳይነኩት፣ የቀፎውን ክብደት ብቻ እያነሡ ያስተውሉ፤ ሁለተኛውን ቀፎ መሥራት ያለብዎ ያ ንብ ደረቁን ወራት ሳይኮበልል ካለፈ ነው።